የሽመሉ ምት ከባድ እንዲመስል፣ የተመልካቹ ራስ ግን እንዳይዞር፦ ስለ ስክሪን መንቀጥቀጥና ስለ ሂት ስቶፕ

አውድማ ጠባቂ (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለሁላችሁ። በጎዶት 4 የምሠራው ጨዋታ አለ። ጮቄ ግርጌ አንድ ገበሬ በታኅሣሥ ሌሊት የጤፍ አውድማውንና አህያውን ከጅብ መንጋ ይጠብቃል። መሣሪያው ሽመል ብቻ ነው። ከጎን የሚታይ ባለሁለት ገጽታ ጨዋታ ሲሆን፣ የምስሉ መጠን 320 በ180 ፒክስል ነው። ሦስት ዓይነት ምት አለው፦ ፈጣን ምት፣ ዙሪያውን የሚጠርግ ምት፣ እና ከራስ በላይ ተነሥቶ የሚወርድ ከባድ ምት።

አሁን ማንኛውም ምት ሲያርፍ ጨዋታው ለ0.05 ሰከንድ ቀጥ ይላል፤ ሂት ስቶፕ ያልኩት ይህ ነው፤ ካሜራው ደግሞ ለ0.4 ሰከንድ ይንቀጠቀጣል። የመንቀጥቀጡ መጠን በየፍሬሙ በዘፈቀደ ይወጣል፤ በከባዱ ምት እስከ 8 ፒክስል ይደርሳል። በስልኬ ስጫወተው ደስ ይላል። ሰፈራችን ባለው ጌም ቤት በትልቁ ቴሌቪዥን ሳስሞክረው ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ልጆቹ ጥቂት እንደተጫወቱ «ራሴን አዞረኝ» ማለት ጀመሩ። የገረመኝ ደግሞ መቆጣጠሪያውን ከያዘው ልጅ ይልቅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያዩት መባሳቸው ነው።

መንቀጥቀጡን ባጠፋው ደግሞ ሽመሉ የሸምበቆ ያህል ይቀላል። ሁለቱን እንዴት ታስታርቃላችሁ?

ሌላም ችግር አለ። አንዳንዴ በጠራጊው ምት ብዙ ጅቦችን ስመታ ጨዋታው እንደተንቀራፈፈ ይቀራል፤ ዘግቼ ካልከፈትኩት አይስተካከልም። የማቆሚያው ኮድ ይህ ነው፦

```gdscript
func hit_stop(t):
    var old = Engine.time_scale
    Engine.time_scale = 0.05
    await get_tree().create_timer(t, true, false, true).timeout
    Engine.time_scale = old
```

ሬዲዮ ጠጋኝ (ዳንግላ)

ልጄ፣ ቴሌቪዥን የሚንቀጠቀጠው ባብዛኛው መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ነው። መጀመሪያ ስታቢላይዘር ግዛ። ካለህም የገመዱን ጫፍ እየው፤ ኤችዲኤምአይ ገመድ በአቧራ ብቻ ምስል ያዘልላል። ስልክ ላይ ደህና ከሆነና ቴሌቪዥን ላይ ካስቸገረ ጥፋቱ የቴሌቪዥኑ ነው፤ ኮዱን ምን አስነካህ?

አውድማ ጠባቂ

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፤ መንቀጥቀጡን ግን ሆን ብዬ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ምቱ እንዲከብድ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኝ

ሆን ብለህ? እኔ እንዳይንቀጠቀጥ ስታገል ነው የኖርኩት። እሺ፣ ቀጥሉ።

ስልሳ ፍሬም (ባሕር ዳር)

መልሱ አጭር ነው፤ የፍሬም ብዛት ነው። ጌም ቤቱ ያለው ኮምፒውተር አርጅቶ በሰከንድ 30 ፍሬም ነው የሚያወጣው፤ ያንተ ስልክ ግን 60 ያወጣል። ሰው የሚታመመው ፍሬም ሲጎድል ነው። 60 ላይ አድርሰው፤ ከዚያ የፈለግከውን ያህል አንቀጥቅጥ፣ ማንም አይታመምም። እኔ በሰከንድ ከ60 ፍሬም በታች የሆነ ጨዋታ አልነካም።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)

ስልሳ ፍሬም ግማሹን ብሏል፤ ግማሹ ግን እንደዚያ አይደለም።

ፍሬሙ ለምን ለውጥ እንደሚያመጣ እንይ። አውድማ ጠባቂ በየፍሬሙ አዲስ የዘፈቀደ ቁጥር እያወጣ ነው። በ60 ፍሬም ካሜራው በሰከንድ 60 ጊዜ ቦታ ይቀይራል፤ በ30 ፍሬም ግን 30 ጊዜ ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ዝላይም ስክሪኑ ላይ ሁለት እጥፍ ይቆያል። ስለዚህ አንድ ኮድ በሁለት ማሽን ላይ ሁለት ዓይነት መንቀጥቀጥ ይሆናል። ፈጣኑ እንደ ንዝረት ይታያል፤ ዘገምተኛው እንደ መወዛወዝ ነው። ሆድ የሚያናውጠው ደግሞ ይበልጥ መወዛወዙ ነው። እዚህ ድረስ ልክ ነህ። ነገር ግን 60 ላይ አድርሰኸውም ሙሉ ስክሪኑ በየምቱ ከተነቃነቀ የሚታመም ሰው አይጠፋም፤ ምክንያቱ ዓይን «ዓለም ተንቀሳቀሰ» ሲል የጆሮ ውስጥ ሚዛን «አልተነቃነቅንም» ማለቱ ነው። የፍሬም ብዛት ይህን ጠብ አያበርደውም።

ስልክና ቴሌቪዥን የተለያዩት ግን በዋናነት በሌላ ነገር ነው። ቁጥሩን እናስላው። 8 ፒክስል ከ320 ሲካፈል የስክሪኑ ስፋት 2.5 በመቶ ነው። ስልክህ ተጋድሞ 15 ሴንቲሜትር ያህል ይሰፋል፤ ስለዚህ ምስሉ ወደ አንድ ወገን 4 ሚሊሜትር ገደማ ይሸሻል፤ አንተም የምታየው ከ35 ሴንቲሜትር ርቀት ነው። ባለ43 ኢንች ቴሌቪዥን 95 ሴንቲሜትር ይሰፋል፤ ያው 2.5 በመቶ 2.4 ሴንቲሜትር ሆነ። ጌም ቤት ውስጥ ልጆች የሚቀመጡት አንድ ሜትር ላይ ከሆነ ለዓይናቸው የሚደርሰው መንቀጥቀጥ አንተ ስልክ ላይ ከምታየው ከእጥፍ በላይ ነው። በዚያ ላይ ቴሌቪዥኑ የእይታቸውን ትልቅ ክፍል ይሸፍናል። ስልክህን ስትይዝ ግን ጠረጴዛው፣ ግድግዳውና እጅህ ሳይነቃነቁ በዙሪያው ይታዩሃል። ስለዚህ መጠኑን የምትወስነው በትልቁ ስክሪን ፊት ቀርበህ ተቀምጠህ ይሁን፤ ስልክ ላይ ጥሩ የመሰለህን አትመን።

አሁን ወደ ክብደቱ። ክብደት የሚመጣው በዋናነት ከመንቀጥቀጥ ሳይሆን ምቱ ባረፈበት ቅጽበት ከሚኖረው ዕረፍት ነው። አንተ ለሦስቱም ምቶች አንድ ዓይነት 0.05 ሰከንድ ሰጥተሃል፤ ይህ በ60 ፍሬም ስሌት ሦስት ፍሬም ነው። ሁሉም እኩል ሲቆም ጆሮና ዓይን ልዩነቱን ያጣሉ፤ የቀረውን ሥራ ሁሉ መንቀጥቀጡ ላይ ጫንከው። እኔ ብሆን እንዲህ አደርገው ነበር፦ ፈጣኑ ምት ሦስት ፍሬም ይቁም፣ ካሜራውም ጭራሽ አይነካ። ጠራጊው አምስት ፍሬም ይቁም። ከራስ በላይ የሚወርደው ዘጠኝ ፍሬም ይቁምና፣ ማለትም 0.15 ሰከንድ፣ ካሜራው ከዚያ በኋላ ይነቃነቅ። የትግል ጨዋታዎች ከስትሪት ፋይተር 2 ዘመን፣ ከ1991 ጀምሮ፣ ይህን ዕረፍት ሲጠቀሙበት ኖረዋል፤ ስክሪኑን ሳያናውጡ ቡጢው ከብዶ ይሰማሃል።

በዕረፍቱ ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነገር ካስፈለገህ ጅቡን አንቀጥቅጠው። የተመታው ምስል ብቻ ግራና ቀኝ አንድ ወይም ሁለት ፒክስል ይንዘር፤ ገበሬው ቀጥ ብሎ ይቁም። በስማሽ ብራዘርስ ተመቺው በዕረፍቱ ውስጥ ሲርገፈገፍ አይተህ ይሆናል፤ እሱ ነው። አውድማው፣ ክምሩና ሰማዩ ካልተነቃነቁ አእምሮ «ጅቡ ተናወጠ» ብሎ ይረዳል እንጂ «እኔ ተናወጥኩ» አይልም።

የመንቀራፈፉ ነገር የኮዱ ነው። ጠራጊው ሦስት ጅብ በአንድ ፍሬም ሲመታ `hit_stop` ሦስት ጊዜ ይጠራል። የመጀመሪያው ጥሪ አሮጌው ፍጥነት 1 መሆኑን ይመዘግባል። ሁለተኛው ሲደርስ ፍጥነቱ ቀድሞ 0.05 ሆኗል፤ ስለዚህ «አሮጌው» ብሎ የሚይዘው 0.05 ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። ጊዜው ሲያልቅ የመጀመሪያው ወደ 1 ይመልሰዋል፤ ወዲያው ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከትለው ወደ 0.05 ይጎትቱታል። ከዚያ በኋላ የምትመታው ምት ሁሉ «አሮጌው» 0.05 ነው እያለ ይቀጥላል። አሮጌውን ፍጥነት ጨርሶ አታስቀምጥ፤ የቀረውን የዕረፍት ጊዜ ብቻ በአንድ ቦታ ያዝ፦

```gdscript
var stop_left := 0.0
var last_us := Time.get_ticks_usec()

func hit_stop(t: float):
    stop_left = maxf(stop_left, t)

func _process(_delta):
    var now := Time.get_ticks_usec()
    var real := (now - last_us) / 1000000.0
    last_us = now
    stop_left = maxf(stop_left - real, 0.0)
    Engine.time_scale = 0.05 if stop_left > 0.0 else 1.0
```

`maxf` መሆኑን ልብ በል፤ መደመር አይደለም። ብትደምረው አምስት ጅብ የመታ ጠራጊ 25 ፍሬም ይቆምና ተጫዋቹ ኮምፒውተሩ የተበላሸ ይመስለዋል።

አውድማ ጠባቂ

የመንቀራፈፉ ነገር ተፈታ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የዕረፍቱንም ጊዜ እንዳልሽው ከፋፈልኩት። ፈጣኑና ጠራጊው አምረዋል። ከባዱ ምት ላይ ግን አንድ ልጅ «እዚህ ጋ ጨዋታው ይይዛል» አለኝ። ዘጠኝ ፍሬም በዝቶ ይሆን?

ጣና ዳር

ከመቀነስህ በፊት ጨዋታው የሚቆምበትን ምስል ፎቶ አንሥተህ ተመልከተው። ዕረፍት ማለት አንድ ሥዕል ለ0.15 ሰከንድ ሰው ፊት አቁሞ ማሳየት ነው። ያ ሥዕል ሽመሉ ገና ጅቡ ጋ ሳይደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ከሆነ፣ ሰው የሚያየው የተቆረጠ እንቅስቃሴ ነው፤ «ያዘ» የሚለው ለዚህ ነው። ሥዕሉ ሽመሉ የጅቡ ትከሻ ላይ ተለጥፎ፣ ጅቡ ተሰባብሮ፣ የገበሬው ጉልበት በርከክ ብሎ ከሆነ ዘጠኝ ፍሬም አይበዛም።

ድምፁንም አብረህ እይ። በጎዶት `Engine.time_scale` ድምፅን አያዘገይም፤ ይህ ለአንተ ይጠቅምሃል። የምቱ ድምፅ ዕረፍቱ በጀመረበት ፍሬም ላይ ይነሣና በዕረፍቱ ውስጥ ይሰማ። ምስሉ ቆሞ ድምፁ ሲቀጥል ማንም «ያዘ» አይልም። ዕረፍቱ ሲያልቅ የሚነሣ ድምፅ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው የሚመስለው።

አውድማ ጠባቂ

ፎቶውን አነሣሁት። ሽመሉ ከጅቡ ሦስት ፒክስል ርቆ ነበር የሚቆመው! የምቱን ሥዕል አንድ ደረጃ አሳለፍኩት፤ ጅቡም ጠፍጠፍ እንዲል አደረግኩ። አሁን ሳየው ትከሻዬን ያመኛል። ካሜራውንስ እንዴት ላድርገው?

ጣና ዳር

ሁለት ነገር እለይልሃለሁ፦ ግፊትና መንቀጥቀጥ።

ለጠራጊው ግፊት ብቻ ስጠው። ሽመሉ ወደ ቀኝ ከሄደ ካሜራው አንድ ፒክስል ያህል ወደ ቀኝ ይገፋና ቀስ ብሎ ይመለስ፤ አልፎ ወደ ግራ አይሂድ። አንድ ጊዜ ሄዶ አንድ ጊዜ የሚመለስ እንቅስቃሴ ምክንያቱ ለዓይን ግልጽ ስለሆነ አያደናግርም።

ለከባዱ ምት መንቀጥቀጡን ያዝ፤ ግን በዘፈቀደ ቁጥር አይሁን። ስኩዊረል አይዘርሎ በ2016 የጨዋታ ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ያስረዳው መንገድ ብዙ ሰው የሚሠራበት ነው። `trauma` የሚባል ከ0 እስከ 1 የሆነ ቁጥር ትይዛለህ፤ ምት ሲያርፍ ይጨምራል፤ በጊዜ ቀጥ ባለ መስመር ይቀንሳል። ካሜራው የሚነቃነቀው ግን በራሱ በቁጥሩ ሳይሆን በካሬው ነው። ቁጥሩ 0.5 ሲሆን መንቀጥቀጡ ሩብ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መጨረሻው ላይ እየለዘበ ይጠፋል እንጂ አይቆረጥም። ቦታውን የሚያወጣው ደግሞ በሰከንድ የሚለካ ለስላሳ ኖይዝ ነው፤ ስለዚህ 30 ፍሬምም ሆነ 60፣ የመንቀጥቀጡ ፍጥነት አንድ ነው።

```gdscript
func _process(delta):
    t += delta
    trauma = maxf(trauma - 2.5 * delta, 0.0)
    var s: float = trauma * trauma * shake_level
    offset.x = 4.0 * s * noise.get_noise_1d(t * 20.0)
    offset.y = 4.0 * s * noise.get_noise_1d(t * 20.0 + 1000.0)
```

`noise` የ`FastNoiseLite` ነው። `frequency` ሲፈጠር 0.01 ስለሆነ 1.0 አድርገው፤ አለዚያ ካሜራው የሚንቀሳቀስ መሆኑን እንኳ አታይም። ትልቁን መጠን ከ8 ወደ 4 ፒክስል አውርጄዋለሁ። ከባዱ ምት 0.6 ቢጨምር ከሩብ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

አንድ የምወደው ነገር አለ። `delta` በ`time_scale` ስለሚዘገይ በዕረፍቱ ውስጥ ካሜራውም የቆመ ያህል ነው። ዕረፍቱ ሲለቅ መንቀጥቀጡ ይጀምራል። ተራው ራሱ ክብደት ይሰጣል፤ አንተ ምንም አልጨመርክበትም። የሕይወት መጠን የሚታይበትን መስመርም `CanvasLayer` ውስጥ አስቀምጠው፤ ካሜራው ሲነቃነቅ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ዓይንም የሚያርፍበት ያገኛል።

ደጀን ላይ (ደጀን)

እኔ ጨዋታ ሠሪ አይደለሁም፤ ተጫዋች ነኝ፤ ቶሎ የሚያዞረኝ ተጫዋች። አዲስ አበባ ስሄድ ወይም ስመለስ የዓባይን በረሃ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ካለፍኩ የዚያን ቀን ምግብ አልቀምስም። ወንድሜ ሹፌር ነው፤ እሱን በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ሁልጊዜ እየተመላለሰ አንድ ቀን እንኳ አዙሮት አያውቅም። ጌም ቤት ያሉት ተመልካቾች መባሳቸው የገረመህ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። ሹፌሩ መሪውን ከማዞሩ በፊት ኩርባውን ያውቃል፤ እኔ ግን ከሆነብኝ በኋላ ነው የማውቀው።

ልለምንህ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ማጥፊያውን ከመጀመሪያው ጅብ በፊት አምጣልኝ። ብዙ ጨዋታ ውስጥ ማጥፊያው አለ፤ ግን እስካገኘው ድረስ ሆዴ ተገልብጧል። በመጥፋትና በመብራት ብቻም አትወስነው። ሙሉ በሙሉ ሳጠፋው ጨዋታው ይሞትብኛል፤ ትንሽ ቢኖር ግን እችለዋለሁ።

ጣና ዳር

እህቴ፣ ያልሽው ምሳሌ እኔ በብዙ ቃል ከምለው ይበልጣል። ለአውድማ ጠባቂ አንድ ነገር ልጨምርበት። ገበሬው ሲመታ ተጫዋቹ ሹፌር ነው፤ ቁልፉን የተጫነው እሱ ነውና ምቱን ይጠብቀዋል። ጅቡ ከኋላ ሲነክሰው ግን ተጫዋቹ ራሱ ተሳፋሪ ሆነ። ስለዚህ ገበሬው ሽመሉን ሲያሳርፍ ያለው መንቀጥቀጥ ሲነከስ ካለው ይብለጥ። ብዙዎች ይህን ገልብጠው «ተጎዳህ» ለማለት ትልቁን መንቀጥቀጥ ለንክሻው ይሰጣሉ። ንክሻውን በድምፅና በገበሬው አካል አሳየው።

`shake_level` ብዬ ኮዱ ውስጥ ያስገባሁት ለደጀን ላይ ጥያቄ ነው። ከ0 እስከ 1 የሚንሸራተት አድርገህ ጨዋታው ሲከፈት በመጀመሪያው ገጽ ላይ አቅርበው።

አውድማ ጠባቂ

አስገባዋለሁ። ሲጫኑት ጅብ ሲመታ የሚያሳይ ትንሽ ማሳያም አደርግለታለሁ፤ ቁጥር ብቻ ማየት ለማንም ትርጉም የለውም። ጅቡ ሲመታ ነጭ ሆኖ ብልጭ ይላል፤ እሱስ ይኑር?

ደጀን ላይ

ነጩን እባክህ ቀንሰው። በጠራጊው አምስት ጅብ አንድ ላይ ነጭ ሲሆን ጨለማ ክፍል ውስጥ ዓይኔን ይወጋኛል።

ጣና ዳር

ይህ ከማዞር የከፋ ነገር ስለሚያስከትል ቀልድ የለበትም። ብልጭታ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊያስነሣ ይችላል። ለድረ ገጽ የወጣው ደንብ በአንድ ሰከንድ ከሦስት በላይ ብልጭታ እንዳይኖር ይላል፤ ጨዋታም ቢከተለው ጥሩ ነው። ፈጣኑ ምትህ በሰከንድ አራት ጊዜ መድረስ ከቻለ ያን መስመር አልፈሃል። ነጩን ለከባዱ ምት ብቻ ተወው፤ ለቀሩት የጅቡን ቀለም ትንሽ ማፍካት ይበቃል።

ቡሬ ልጅ (ቡሬ)

እኔ በዩኒቲ ነው የምሠራው፤ ሁለት ሰዎች በኢንተርኔት የሚታገሉበት ነው። `Time.timeScale` ብነካው የአንዱ ጨዋታ ቆሞ የሌላው ይሄዳል፤ ከዚያ የሁለቱ ስክሪን አይገናኝም። ስለዚህ ዕረፍት የሚባለውን ጨርሶ ትቼዋለሁ። የእናንተ ምክር ለእኔ አይሠራም።

ጣና ዳር

ዓለሙን ማቆም አያስፈልግህም፤ ሁለቱን ብቻ አቁም። መቺውና ተመቺው እያንዳንዳቸው የቀረ የዕረፍት ፍሬም ቁጥር ይያዙ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ እንቅስቃሴያቸውና የሥዕል ቅደም ተከተላቸው አይራመድ። ቁጥሩን በሰከንድ ሳይሆን ሁለቱ ማሽኖች በሚስማሙበት የጨዋታ ፍሬም ቁጠረው። ያን ጊዜ ዕረፍቱ እንደ ማንኛውም ምት የጨዋታው ሕግ አካል ይሆናል። ካሜራው ግን የእያንዳንዱ ሰው የግሉ ነው፤ አንዱ አጥፍቶት ሌላው ቢያበራው ማንም አይጎዳም።

አውድማ ጠባቂም ቢሆን በዚህ መንገድ ቢሄድ አልጠላም፤ ከኋላ ያሉት ጅቦች እየተራመዱ ሁለቱ ብቻ ሲቆሙ ያምራል። ዋጋው ግን አለ፦ የካሜራው መንቀጥቀጥ ከዕረፍቱ ጋር አብሮ ይጀምራል፤ ዕረፍቱ እስኪያልቅ ራስህ ማዘግየት አለብህ።

ስልሳ ፍሬም

ቦታውን ብቻ ነው ያነቃነቃችሁት። አይዘርሎን ከጠቀሳችሁ እሱ ካሜራውን ዘወር ማድረግንም ይመክራል። ሁለት ዲግሪ ዘወር ማለት ብቻውን የስክሪኑን ጠርዝ ከአምስት ፒክስል በላይ ያነቃንቀዋል። ከባዱ ምት ላይ አስገባው።

ጣና ዳር

ይመክራል፤ ለባለሁለት ገጽታ ጨዋታ ቦታና ዙር አብረው፣ ለባለሦስት ገጽታ ደግሞ ዙር ብቻ። ኃይሉ እውነት ነው። የእኔ ፍርሃት አድማሱ ነው፤ አድማስ ሲያጋድል ሚዛን ይደናገራል። በዚያ ላይ 320 በ180 በሆነ የፒክስል ሥዕል ላይ ዙር ጠርዙን ያቆራርጠዋል።

ስልሳ ፍሬም

አንድ ዲግሪ ለሩብ ሰከንድ ማንንም አያሳምምም። አንቺ የምትፈሪው ረጅምና ዘገምተኛ መጋደልን ነው፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ደጀን ላይ

እኔን ያሳምመኛል። አንድ ዲግሪም ቢሆን።

ጣና ዳር

እዚህ ላይ ስልሳ ፍሬምን ተሳሳትክ ልለው አልችልም፤ ብዙ ሰው አንድ ዲግሪን ይችላል። ለየብቻ የሚጠፋ ሁለተኛ ማስተካከያ አድርገህ ጌም ቤት ሞክረው። በጎዶት የ`Camera2D` `ignore_rotation` ሲፈጠር በርቶ ስለሚመጣ ካላጠፋኸው ዙሩ አይታይም፤ «ምንም ለውጥ የለውም» ብለህ እንዳትፈርድ።

አውድማ ጠባቂ

ዙሩን ለጊዜው ተውኩት። ሌላውን ሁሉ አስገብቼ ጌም ቤት ወሰድኩት። አግዳሚ ላይ የነበሩት አሁን ቅሬታ የላቸውም፤ «ሽመሉ ከበደ» ያለኝም አለ። አዲስ ችግር ግን መጣ። ከባዱን ምት እንዳሳረፉ ወዲያው መዝለል ሲፈልጉ ገበሬው አይዘልም። ቁልፉን ደጋግመው ይጫናሉ፤ ከዚያ ይናደዳሉ።

ጣና ዳር

ሰው ምቱ ሲያርፍ ካየ ቀጣዩን ቁልፍ ይጫናል፤ ያ ደግሞ በዕረፍቱ ውስጥ ነው። በ0.15 ሰከንድ ውስጥ የተጫነውን ጨዋታህ ይሰማዋል፤ ግን ገበሬው በምት ላይ ስለሆነ ይጥለዋል። የመጨረሻውን ቁልፍ በማስታወሻ ያዘውና ገበሬው ነጻ ሲሆን ፈጽመው። ዕድሜውን ግን በእውነተኛው ሰዓት ቁጠረው፤ በ`delta` ከቆጠርከው በዕረፍቱ ውስጥ ጊዜው ስለማይሄድ ከአንድ ምት በፊት የተጫነ ዝላይ ተጠብቆ ቆይቶ ይፈነዳብሃል። 0.2 ሰከንድ ይበቃል።

ለጅብ መንጋም አንድ ነገር ልብ በል። የመጨረሻው የመግደያ ምት ረዘም ያለ ዕረፍት ቢኖረው ያምራል፤ ሆኖም ስምንት ጅብ ተከታትሎ ሲሞት ጨዋታው ይንተባተባል። እኔ ረጅሙን ለመንጋው መሪ ብቻ እሰጠዋለሁ። ሌሎች ደግሞ በተከታታይ ምት ዕረፍቱን እያሳጠሩ ይሄዳሉ። የትኛው እንደሚሻል በጨዋታህ ፍጥነት ይወሰናል።

ቡሬ ልጅ

ሁለቱን ብቻ ማቆሙን ሞከርኩት፤ ሠራ። አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ተጫዋቹ መንቀጥቀጡን ዜሮ ሲያደርግ ዕረፍቱም አብሮ ይጥፋ?

ደጀን ላይ

አይጥፋ! ዕረፍቱ አያዞረኝም። መንቀጥቀጡን ሳጠፋ ለእኔ የሚቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ቡሬ ልጅ

ለእኔ ደግሞ ዕረፍቱ የውድድሩ ሕግ ስለሆነ ለአንዱ ብቻ ማጥፋት አልችልም። ጥሩ ነው፤ ተስማማን።

ሬዲዮ ጠጋኝ

እስካሁን እያነበብኩ ነበር። ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያ ቴሌቪዥን ጌም ሞድ ላይ ነው ወይስ ለኳስ እንደተስተካከለ ነው? የዘመኑ ቴሌቪዥን ምስሉ ለስላሳ እንዲመስል በሁለት ፍሬም መካከል ከራሱ ፈጥሮ ምስል ይጨምራል። ለኳስ ጥሩ ነው። አንተ ግን ምስሉን ቀጥ አድርገህ ታቆማለህ፤ ከዚያ ድንገት ታናውጠዋለህ። ቴሌቪዥኑ መሐሉን ሊሞላ ሲሞክር ጠርዙን ያደበዝዘዋል፤ ለማስላትም ምስሉን ያዘገየዋል። ቁልፍ ተጭነህ ምቱ ዘግይቶ ከመጣ ሹፌሩም ተሳፋሪ ሆነ ማለት ነው፤ ልጅቷ እንዳለችው።

አውድማ ጠባቂ

ጋሼ፣ አሁን ሄጄ አየሁት። ጌም ሞዱ ጠፍቶ ነበር፤ ማለስለሻው ደግሞ መጨረሻው ድረስ በርቷል። ባለቤቱን አስፈቅጄ አስተካከልኩት፤ የቁልፉ መዘግየት ወዲያው ቀነሰ።

ስልሳ ፍሬም

ታዲያ መጀመሪያ ያዞራቸው የአንተ 8 ፒክስል ነው ወይስ ቴሌቪዥኑ?

አውድማ ጠባቂ

አሮጌውን ቅጂ በተስተካከለው ቴሌቪዥን ላይ ሳላስሞክር መልስ የለኝም። ቅዳሜ ልጆቹ ሲሰበሰቡ ሁለቱንም ቅጂ ይዤ እሄዳለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አልነግራቸውም።

ደጀን ላይ

አግዳሚ ላይ የሚቀመጡትንም ጠይቃቸው።